ከገና እስከ ፋሲካ፦ የሰንበትና የበዓል ተራ ለ11 ነርሶች እንዴት እኩል ይድረስ?

ሲስተር_ዋርድ3

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የተረኝነት ፕሮግራም የማወጣው እኔ ነኝ። የመጪውን በጋ ፕሮግራም በየወሩ ሳይሆን አንድ ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ። በየወሩ ሲወጣ ወሩ ለብቻው ሲታይ እኩል ይመስላል፤ ገና ላይ ያደረው ሰው ፋሲካም ላይ ሲደርሰው ግን ማንም ልብ አይለውም።

ወቅቱ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2019 ሐሙስ ይጀምራል። መጨረሻውን ግንቦት 1 እሑድ ያደረግኩት ሚያዝያ 30 ቅዳሜ ስለሚውል ነው፤ የመጨረሻው ሰንበት ለሁለት እንዳይቆረጥ። ስለዚህ 22 ሰንበት አለኝ። ከእኔ ሌላ 11 ነርሶች አሉ። ቅዳሜና እሑድ ቀን ሁለት ሰው (ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2)፣ አዳር ሁለት ሰው (ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 2) ያስፈልገኛል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ነባር መሆን አለበት፤ ነባሮቹ አምስት ብቻ ናቸው። ከ11ዱ ስድስቱ ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱ ፕሮቴስታንት፣ ሦስቱ ሙስሊም ናቸው። ከየት ልጀምር?

ዝርዝር_ይዙር

ሲስተር፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ስማቸውን ከ1 እስከ 11 ጻፊና በዝርዝሩ ላይ ዝም ብለሽ ውረጂ። በአንደኛው ሰንበት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይገባሉ፤ በሁለተኛው 5፣ 6፣ 7፣ 8፤ በሦስተኛው 9፣ 10፣ 11 እና እንደገና 1። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን፣ የኋለኞቹ ሁለት አዳር። በ11 ሰንበት ሁሉም አራት አራት ጊዜ ይገባል፤ በ22 ደግሞ ስምንት ስምንት። አንድም ሰው አይበልጥም፣ አንድም አያንስም። በቃ፣ ተጠናቀቀ።

ሰንጠረዥ

ዝርዝር_ይዙር ያለው ከሚመስለው በላይ ትክክል ነው፤ መጀመሪያ እሱን ልመስክርለት። በየሰንበቱ 4 ሰው፣ 22 ሰንበት፣ በድምሩ 88 ተራ ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል ስምንት ስምንት ይደርሳል። ክፍተቱም ያማረ ነው። ቁጥር 1ን እንውሰድ፦ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ9ኛው፣ በ12ኛው፣ በ14ኛው፣ በ17ኛውና በ20ኛው ሰንበት ይገባል። ሁለት ሰንበት ተከታትሎ የሚገባ ሰው የለም፤ ከሁለት ሰንበት በላይ አርፎ የሚቀመጥም የለም። ቀንና አዳሩም ራሱን ያመጣጥናል። ይኸው ቁጥር 1 መጀመሪያ አንደኛ ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ማለትም በየ11 ሰንበቱ ሁለት ቀን፣ ሁለት አዳር። ይህ የሚሆነው 11 ለ4 እኩል ስለማይካፈል ነው።

«ተጠናቀቀ» ያለው ላይ ግን አልስማማም። ይህ ዝርዝር የማያያቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ የነባሮቹ ጉዳይ ነው፣ ሌላው በዓሉ።

ከነባሮቹ ልጀምር። በየሰንበቱ አንድ የቀን ጥንድና አንድ የአዳር ጥንድ አለ፤ በ22 ሰንበት 44 ጥንድ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ነባር ይፈልጋል። አምስት ነባሮች ስምንት ስምንት ጊዜ ቢገቡ ግን የሚሸፍኑት 40 ብቻ ነው። አራቱ የግድ ከነሱው ይወጣሉ፤ አራት ነባሮች ዘጠኝ ጊዜ ይገባሉ፣ አንዱ ስምንት። የቀሩት 44 ተራዎች ለስድስቱ አዲሶች ሲካፈሉ ሰባት ወይም ስምንት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ሲስተር፣ አሁን ባለው የሰው አሰላለፍ ፍጹም እኩል የሚባል ፕሮግራም የለም። ይህን አስቀድመሽ ለሠራተኞቹ ካልነገርሽ፣ ነባሮቹ በየካቲት ቆጥረው ይደርሱበትና አድልዎ ይሉታል።

መውጫው ስድስተኛ ሰው ነው። ስድስት ነባር ሲኖር ስምንት ስምንት 48 ይሆናል፤ ከ44 ይበልጣል፣ ሁሉም ስምንት ላይ ይቆማል። ከአዲሶቹ አንዱ እስከ ታኅሣሥ ኃላፊነት ወስዶ ሺፍት መምራት ይችላል?

ተስፋ_ጤና_ጣቢያ

እኛ ዘንድ የዱቲ ክፍያ ሳይከፈል ወራት ያልፋል። ጥያቄሽ ስለ ክፍያው ከሆነ ለጤና ቢሮ በደብዳቤ ማመልከት ነው የሚያዋጣው፤ በቃል ማንም አይሰማም። የሥራ መሪው ፈርሞበት የዱቲው መዝገብ ኮፒ አብሮ ይያያዝ።

ሲስተር_ዋርድ3

ተስፋ፣ አመሰግናለሁ፤ የኔ ጥያቄ ስለ ክፍያ ሳይሆን ተራው እንዴት ይከፋፈል የሚል ነው። ክፍያው በኛ ቤት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው የሚሄደው።

ሰንጠረዥ፣ የ44ቱን ስሌት ሳየው የዓምናው ቅሬታ ከየት እንደመጣ ገባኝ። አንዷ አዲስ ነርስ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከሜትሮኗ ጋር ተነጋግረን እስከ ኅዳር መጨረሻ ከነባር ጋር እየተጣመረች ሺፍት እንድትመራ ማድረግ ይቻላል። ስድስት አሉኝ ብለን እንቀጥል። ግን ዝርዝሩ ሲዞር ሁለት አዲሶች አንድ ላይ እንዳይወድቁ በምን ልከላከል?

ሰንጠረዥ

በቁጥር አሰጣጡ። ዝርዝሩ ሲዞር አንድ ሰው የሚጣመረው ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ነው፦ 1 ከ2 ጋር፣ 3 ከ4 ጋር እያለ ሄዶ በሦስተኛው ሰንበት 11 ከ1 ጋር ይጣመራል፤ ከዚያ 2 ከ3 ጋር፣ 4 ከ5 ጋር ይሆናል። ስለዚህ ነባሮቹን በጎደሎ ቁጥሮች አስቀምጫቸው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11። አዲሶቹን በ2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10። የትም ቢዞር እያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንድ ነባር ይኖረዋል። ሁለት ነባር አንድ ላይ የሚወድቁት 11 እና 1 ሲገናኙ ብቻ ነው። አምስት ነባር ቢሆን ኖሮ ክቡ የሆነ ቦታ ላይ ይበጠሳል፤ ሁለት አዲሶች ጎን ለጎን ይቀመጡና በወቅቱ ውስጥ አራት ጊዜ ያለ ነባር ይወጣሉ።

አንድ ጉድለት አለው፤ ሰው ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ሌላ ከማንም ጋር አይጣመርም። የማይግባቡ ሁለት ሰዎች ካሉ ጎን ለጎን አታስቀምጫቸው። አዲሷን ደግሞ ማስተማር ከሚችል ነባር አጠገብ።

የዓርብን አዳር አትርሺ። በወረቀት ላይ የአዘቦት አዳር ነው፤ ሰውየው ግን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ቀኑን ተኝቶ ያሳልፋል፣ ቅዳሜው ተበላ ማለት ነው። ለሌላ ሰው ከሰጠሽው ያ ሰው በመዝገብሽ ላይ የማይታይ ግማሽ ሰንበት ይከፍላል። ከሰንበቱ አዳር ጥንድ ጋር አያይዢው፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ሦስት አዳር ለአንድ ጥንድ። እያንዳንዱ ሰው አራት የአዳር ሰንበት ስላለው የዓርብ አዳሩም አራት አራት ይደርሳል።

ሰዓቱን ስትደምሪ፣ የቀን ጥንዱ በሰንበቱ 24 ሰዓት ይሠራል፤ በዚያ ሳምንት በአዘቦት ሦስት ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ሲገባ 48 ይሞላል፣ ሁለት የአዘቦት ቀን ኦፍ ይወጣል። የአዳር ጥንዱ 36 ሰዓት ስለሚሠራ በዚያ ሳምንት አንድ የአዘቦት ቀን ብቻ ይግባ። ከእሑድ አዳር ሰኞ ጠዋት የወጣ ሰው ማክሰኞንም ይረፍ።

ነጥብ_ይቆጠር

ይህ ሁሉ ጎደሎና ሙሉ ቁጥር ለምን አስፈለገ? ለእያንዳንዱ ሺፍት ነጥብ ስጡት። የቅዳሜ ቀን 1፣ የእሑድ ቀን 1 ተኩል፣ አዳር 2፣ በዓል 3፣ ፋሲካ 5። በወቅቱ መጨረሻ ሁሉም ሰው እኩል ነጥብ ካለው ፍትሐዊ ነው። ፋሲካን የማይፈልግ ሰው ተጨማሪ ሰንበት ሠርቶ ያካክሳል፤ ማንም አይገደድም።

ሰንጠረዥ

የነጥብ አሠራር ብዙ ቦታ አለ፤ ዋጋ የለውም አልልም። ችግሩ ግን ፋሲካ አምስት ነጥብ ነው ያለው ማን ነው? አንዱ ሦስት ሰንበት ሠርቶ ከፋሲካ ያመልጣል፤ ያልቻለው ፋሲካን በሁለት ዓመት ሁለቴ ያድራል። ነጥባቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም ግን እኩል ነን አይሉም። እኔ የምመርጠው ሁለት የተለያየ ዓምድ ነው፤ በአንዱ ሰንበት ይቆጠራል፣ በሌላው ከባድ በዓል። በአንዱ ያለ ጉድለት በሌላው አይካካስም። የፋሲካ እሑድ በሁለቱም ዓምድ ምልክት ያገኛል።

ነጥብ_ይቆጠር

ሁለት ዓምድ ያልከው ራሱ ነጥብ ነው፤ ለያይተህ ጻፍከው እንጂ። ደግሞ ፋሲካን ለሦስት ሰንበት መለወጥ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ተስማምተው ካሉ አንተ ለምን ትከለክላቸዋለህ? አሁንም የኔ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዘይነባ_ኦፒዲ

እኔ የምጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። «ሙስሊሞቹ የክርስቲያን በዓል ላይ ይግቡ፣ ክርስቲያኖቹ ኢድ ላይ ይገባሉ» የሚለው አባባል ሲሰሙት እኩል ይመስላል። በዚህ ወቅት ውስጥ ግን ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ፋሲካ አሉ፤ ከኛ ደግሞ ኢድ አል ፈጥር ብቻ። የአረፋ በዓል ከግንቦት 1 በኋላ ነው የሚውለው። ሦስት ሙስሊም ነርሶች አራቱንም ከወሰዱ በኋላ በአንድ ኢድ ተከፈላችሁ ሊባሉ ነው። በዓሉ የኛ ባይሆንም እኮ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ነው፣ ልጅ የሚይዝ አይገኝም፣ ታክሲ አይገኝም፣ ካፌው ዝግ ነው። እባካችሁ ለበዓል ተራ ጣሪያ ይቀመጥለት።

ሰንጠረዥ

ዘይነባ ያነሳችው በትክክል ስሌቱ የሚበላሽበት ቦታ ነው። ጣሪያው ስንት መሆን እንዳለበት ቆጥረን እንወቅ።

መጀመሪያ ግን ከባዱ ሰዓት የቱ ነው? የመንግሥት ካሌንደር ቀኑን ብቻ ነው የሚነግረን። ፋሲካ ሚያዝያ 24 እሑድ ነው፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚያድረው ግን ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ጾሙም የሚፈታው ሌሊቱን ነው። የቅዳሜ አዳር ላይ የገባ ሰው በዓሉን አጣው፤ የእሑድ አዳር ላይ የገባው ግን ዶሮውን ከቤተሰቡ ጋር በልቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በዓል ማለት የዋዜማው አዳርና የዕለቱ ቀን ሺፍት ነው፤ የዕለቱ ማታ ከባድ አይባልም። ገና ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ስለሆነ የረቡዕ አዳርና የሐሙስ ቀን ይሆናል። ጥምቀት ማክሰኞ ጥር 11 ነው፤ የሰኞው የከተራ አዳርና የማክሰኞ ቀን። ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22፣ የቀኑ ሺፍት ብቻ። ኢድ አል ፈጥርም የቀኑ ሺፍት ብቻ።

ስንደምር የገና ሁለት፣ የጥምቀት ሁለት፣ የስቅለት አንድ፣ የፋሲካ ሁለት፣ የኢድ አንድ፤ ስምንት ሺፍት፣ 16 ከባድ ተራ። ለ11 ሰው ሲካፈል አምስቱ ሁለት ሁለት፣ ስድስቱ አንድ አንድ ይወስዳሉ። ጣሪያው ሁለት ነው፤ ከሁለት በላይ የገባ ማንም አይኑር።

አሁን ሲስተር በነገረችን መሠረት እናከፋፍል። ሦስቱ ሙስሊሞች ሁለት ሁለት ቢወስዱ 6 ይሆናል። ከክርስቲያን በዓላት 14ቱ ተራ 8 ይቀራል፤ ስምንቱ ክርስቲያኖች አንድ አንድ ይወስዳሉ። የኢድን ሁለት ተራ ከክርስቲያኖቹ ሁለት ሰዎች ይጨምራሉ። እኔ ብሆን ለሁለቱ ፕሮቴስታንቶች የምሰጠው ጥምቀትን ነው፤ ያ ለነሱ ከሌላው ቀላል ስለሆነ ኢድንም ይደርቡ። ይህ ግን ግምት ነው። ሃይማኖት አይተሽ አትደልድይ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ሰጥተሽ «ከስምንቱ ሺፍት በምንም መንገድ የማልፈልገው አንድ፣ ባይሆንብኝ የምመርጠው አንድ» ብሎ ራሱ ይጻፍ። ኦርቶዶክስ ሆኖ ከገና ይልቅ ለከተራ የሚንሰፈሰፍ ሰው አለ፤ ፕሮቴስታንት ሆኖ ጥምቀትን ከዘመድ ጋር ጎንደር የሚያሳልፍም አለ።

ነባሮቹን እዚህም ቁጠሪ። ስምንት ሺፍት ስምንት ነባር ይፈልጋል፤ ስድስት ሲኖሩሽ ሁለቱ ሁለት ጊዜ ይገባሉ። አምስት ቢሆኑ ሦስቱ ይሆኑ ነበር።

ሲስተር_ዋርድ3

የወረቀቱን ነገር ነገውኑ አደርገዋለሁ። ፋሲካው ግን ሰንበት ላይ ነው የሚውለው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ራሱ የሚመድበው ሰው አለው። እንዴት ይታረቃሉ?

ሰንጠረዥ

በዓሉ ከዝርዝሩ መቅደም አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩን አዙሮ ካበቃ በኋላ በዓሉን በእርሳስ ለማረም ሲሞክር ነው። አንዱን ሲያነሳ ሌላው ሦስት ሰንበት ተከታትሎ ይገባል።

ፋሲካ 21ኛው ሰንበት ነው። ዝርዝሩ እዚያ ሲደርስ የሚያወጣው ቁጥር 4፣ 5፣ 6፣ 7ን ነው፤ 4 እና 5 ቀን፣ 6 እና 7 አዳር። ስለዚህ መጀመሪያ ፋሲካን ማን እንደሚሠራ ትወስኛለሽ፣ ከዚያ እነዚያን አራት ቁጥሮች ለነሱ ትሰጫለሽ፣ የቀሩትን ሰዎች በቀሩት ቁጥሮች ላይ ትደለድያለሽ። 5 እና 7 ነባር መሆን አለባቸው። ለምሳሌ ሦስቱ ሙስሊሞች ከፈቀዱ አንዷ ነባር 5፣ ሁለቱ አዲሶች 4 እና 6 ይሆናሉ። 7 ላይ አንድ ክርስቲያን ነባር ይገባል፤ እሱ በዚህ ወቅት ያለው ከባድ ተራ ያቺ ብቻ ናት፣ ገናና ጥምቀት አይነኩትም።

ሚያዝያ 23 ቅዳሜ የሠራተኞች ቀን ነው፤ ከሰንበቱ ጋር ተደርቦ ስለሚውል ለብቻው ተራ አያስፈልገውም። የካቲት 23 ዓድዋና ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን የአዘቦት ቀን ላይ ናቸው፤ እንደ ቀላል በዓል በሦስተኛ ዓምድ ይቆጠሩ፣ ከባድ ተራ አንድ ብቻ ለደረሳቸው ስድስት ሰዎች ቅድሚያ ይሰጥ።

የሚጋጭ አንድ ቦታ አይቻለሁ። ከጥምቀት በፊት ያለው ሰንበት ስድስተኛው ነው፤ የአዳር ጥንዱ 1 እና 2 ናቸው፤ ሰኞ ጥር 10 ጠዋት ነው የሚወጡት። እነሱን ለከተራ አዳር እንዳትመድቢ፤ አራተኛ ተከታታይ አዳር ይሆንባቸዋል።

ፋርማሲ_24

እኛ ሆስፒታል አይደለንም፣ 24 ሰዓት የሚሠራ መድኃኒት ቤት ነን፤ 12 ሰዎች ነን፣ ሰንበት አራት ሰው ነው የሚገባው። ይህንኑ ዝርዝር እንጠቀማለን። ግን አንዳንዱ ሁልጊዜ አዳር ነው የሚደርሰው ይባላል። ቁጥራችን ለ4 እኩል ስለሚካፈል የተሻለ መሆን አልነበረበትም?

ሰንጠረዥ

እኩል መካፈሉ ነው ያበላሸው። 12 ለ4 ሦስት ነው፤ ዝርዝሩ በየሦስት ሰንበቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ቁጥር 1 ሁልጊዜ አንደኛ ቦታ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ ቀን። ቁጥር 4 ሁልጊዜ አዳር። አራቱም ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ከማይለወጡ ሰዎች ጋር ናቸው። ደግሞ 22 ሰንበት ለሦስት ቡድን እኩል ስለማይካፈል አንዱ ቡድን ስምንት፣ ሁለቱ ሰባት ሰባት ይገባሉ።

ማስተካከያው፣ በየሦስት ሰንበቱ ዝርዝሩ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ስም ወደ መጨረሻ ማውረድ ነው። 2 አንደኛ ይሆናል፣ 5 ወደ መጀመሪያው ቡድን ይገባል። 5 በሁለተኛው ሰንበት ገብቶ በአራተኛው ይገባል፤ አንድ ሰንበት በመሃል አርፏል። በተቃራኒው የመጨረሻውን ስም ወደ ላይ ካወጣህ ግን 12ኛው ሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ሰንበት ተከታትሎ ይገባል፤ አቅጣጫውን ተጠንቀቅ። ሲስተርም የካቲት ላይ 12ኛ ሰው ከተቀጠረላት ይኸው ይደርስባታል። ያኔ የጎደሎ ቁጥሩ አሠራርም እንደገና መታየት አለበት።

ከሜሪላንድ

እዚህ በአረጋውያን መጦሪያ የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። እኛ ታኅሣሥ 25 በፈረንጅ አቆጣጠር ያለውን ገና እንሠራለን፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ጃንዋሪ 7ን ይሸፍኑልናል። በመጪው ዓመት ፋሲካም አይገጥምም፤ የነሱ ማርች 28፣ የኛ ሜይ 2 ነው። እዚህ የሚያጣላው ሌላ ነው። የነሱ ገና የበዓል ክፍያ አለው፣ ጃንዋሪ 7 ግን ተራ ቀን ስለሆነ ምንም የለውም። ለአንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ቅያሬው እኩል አይመስለውም። ስለዚህ ቅያሬው አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን፤ በኖቬምበር ተስማምቶ በጃንዋሪ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል አይጠፋም።

ኤክሴል_በአማርኛ

ስለ መቁጠሩ እኔ ልጨምር። ዝርዝሩን በካሌንደር መልክ አትሥሪው፤ ለእያንዳንዱ ተራ አንድ ረድፍ ይኑረው። A ላይ ቀኑ፣ B ላይ ቀን ወይም አዳር፣ C ላይ ሰንበት ወይም አዘቦት፣ D ላይ ከባድ ወይም ቀላል፣ E ላይ ሠራተኛው። G ላይ 11ዱን ሠራተኞች ዘርዝሪና ከጎናቸው እነዚህን ሁለት ቀመሮች አስገቢ፦

```
=COUNTIFS($E$2:$E$300,G2,$C$2:$C$300,"ሰንበት")
=COUNTIFS($E$2:$E$300,G2,$D$2:$D$300,"ከባድ")
```

ቅዳሜና እሑድ ለየብቻቸው ረድፍ ስላላቸው የመጀመሪያው ቀመር ለሁሉም 16 ማሳየት አለበት፤ ስምንት ሰንበት ሲባዛ በሁለት ቀን። 15 ወይም 17 ካየሽ የሆነ ቦታ ስም ተሳስቷል። በተለይ በአማርኛ ስትጽፊ ተጠንቀቂ፤ አንዱ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላው ቦታ «ጸሀይ» ብለሽ ከጻፍሽ ኤክሴል ሁለት ሰው ነው የሚላቸው። ከስሙ በኋላ ባዶ ቦታ ከገባም እንደዚያው። በስም ፋንታ N01፣ N02 እያልሽ ቁጥር ስጪ፣ ወይም ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ አድርጊው።

ቀኑም ላይ፣ ኤክሴል የኛን ቀን አያውቅም። የፈረንጁን ቀን A ላይ አድርጊ፣ የኛን ተጨማሪ ዓምድ ላይ እንደ ጽሑፍ። በኛ ቀን ብቻ ከሠራሽው በቀን ቅደም ተከተል ልትደረድሪው ስትይ ጥርና ታኅሣሥ ይደበላለቃሉ።

ሲስተር_ዋርድ3

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዷ ነርስ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከጥር መጨረሻ በኋላ የወሊድ ፈቃድ ትወጣለች። ስትመለስ ያመለጣትን ሰንበት ትክፈል የሚሉ አሉ። ሁለተኛው፣ ቅያሬ ሲደረግ ማን ላይ ይቆጠር?

ሰንጠረዥ

የወሊድ ፈቃድ ዕዳ አይደለም። በአዋጁ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ከየካቲት 1 ከጀመረች እስከ ወቅቱ መጨረሻ የለችም። በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰንበት አልፎ 13 ይቀራል፤ 52 ተራ ለ10 ሰው ሲካፈል አምስት አምስት ይደርስና ሁለት ተራ ይተርፋል። ለሁለቱ ተራዎች ፈቃደኛ ፈልጊ፣ ካልተገኘ በዕጣ። እሷ ስትመለስ ከዜሮ ትጀምራለች፣ በአዲሱ ወቅት ከሌላው ሰው እኩል። ነባር ከሆነች ግን ችግሩ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ነባሮቹ ወደ አምስት ይመለሳሉ። 13 ሰንበት 26 ጥንድ ነው፤ አምስት ነባር ቢያንስ አምስት አምስት፣ አንዱ ስድስት ይገባል። ይቻላል። ዝርዝሩን ግን በየካቲት 1 ለ10 ሰው እንደ አዲስ ጻፊው፤ 10 ሰዎች፣ አምስት ነባር በጎደሎ ቁጥር፣ አምስት አዲስ በሙሉ ቁጥር። 10 ደግሞ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ጥንዶቹ ሳይለወጡ ይቀራሉ፤ 1 ሁልጊዜ ከ2 ጋር። የፋሲካው ሰንበትም ለሌሎች ቁጥሮች ይደርሳልና እሱን እንደገና አስልተሽ ነው ስም የምትሰጪው። እስከዚያው ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነፍሰ ጡርን ማሠራት በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ከታኅሣሥ ጀምሮ የአዳር ሰንበቷን ከሌላ ሰው የቀን ሰንበት ጋር ቀይሪላት።

የዓመት ፈቃድ ግን ይለያል። ሁሉም ስለሚወጣው ተራ አይቀንስም፤ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ወይም ከተመለሰ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር ይቀያየራል።

ቅያሬ፣ ሰንበት በሰንበት፣ ከባድ በከባድ፣ ነባር ከነባር፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ። መዝገቡ ላይ ደግሞ የሚቆጠረው በትክክል የሠራው ሰው ነው። ሁለቱ ካልተመላለሱ ወዲያው ቁጥራቸው ላይ ይታያል። የታመመ ሰው ግን መልሶ አይከፍልም፤ ተጠርቶ የገባው ሰው አንድ ተራ ተቆጥሮለት ከቀጣዩ ተራው ይቀነስለታል።

ዘይነባ_ኦፒዲ

የኢድ ቀን በጨረቃ ስለሆነ የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ቀን ሁለት ሁለት ሰው ተመድቦ ይቀመጥ፤ ከዋዜማው ማታ በኋላ የማይፈለገው ጥንድ ተራ የአዘቦት ሺፍቱን ይሠራል። አንድ ቀን ብቻ መድበው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ስልክ የሚደውሉ አሉ፣ ያ አይሠራም።

ነጥብ_ይቆጠር

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። በአዋጅ 1156/2011 በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ለሰዓቱ ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል፤ ትርፍ ሰዓት ከሆነ ሁለት ተኩል። በዓል ላይ መግባት የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ፋሲካን አይጠላም። በጣሪያው ሁለት ብላችሁ ስታስሩት ገንዘቡንም ቆረጣችሁበት።

ሰንጠረዥ

እዚህ ላይ ትክክል ነህ፤ መልሱን አላውቀውም ብል ይቀላል። ፈቃደኛው ከጣሪያው በላይ ይውሰድ ብንል ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ሁልጊዜ በዓል ላይ ይቀራል፤ «ፈቃደኛ» የሚለውም ቀስ በቀስ የግድ ይሆናል። እንከልክል ብንል ደግሞ አንተ ያልከው ይመጣል። እኔ የማየው መካከለኛ መንገድ ጣሪያውን ሦስት አድርጎ ከሁለት በላይ ለሚወስድ በራሱ እጅ መጻፍን መጠየቅ ነው። ዋዜማው ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የገና ዋዜማ አዳር እኛ ከባድ ብለነዋል፣ ክፍያው ግን የበዓሉን ሰዓት ነው የሚያየው። የከባድ ዓምድና የክፍያ ዓምድ አንድ አይደሉም፤ ሰው ሀብት ለሁለቱ የተለያየ መዝገብ ይያዝ።

ሲስተር_ዋርድ3

ሦስቱን አማራጮች ለሜትሮኗ አቀርባለሁ፤ ስለ ክፍያው የሠራተኞቹን አስተያየት ከወረቀቱ ጋር እሰበስባለሁ። ይህን ሰንጠረዥ ለ2020ም ልጠቀምበት እችላለሁ ወይስ እንደገና ልሥራው?

ኤክሴል_በአማርኛ

ቀመሮቹ ይሠራሉ፣ ቀኖቹን ግን አትገልብጪ። 2019 ጳጉሜን 6 ስለሆነች 2020 ገና ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው፣ 29 አይደለም። ፋሲካም ወደ ሚያዝያ 8 ይመጣል፤ ስለዚህ የፋሲካው ሰንበት ቁጥር 21 መሆኑ ይቀራል፣ 4 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮችም ያን ጊዜ ሌላ ሰንበት ላይ ይወድቃሉ።